ዓርማው የማን ነው? በፍሪላንስ ዲዛይን ውል ውስጥ መብት ማስተላለፍና ፈቃድ መስጠት ሲነጻጸሩ

በአያት፣ በየካ አባዶና በለገጣፎ ዙሪያ ቤታቸው ወይም አንድ ክፍል ተከራይተው የሚያመርቱ ሰዎች ብዙ ናቸው። በርበሬ ያሽጋሉ፣ ሳሙና ይሠራሉ፣ ልብስ ይሰፋሉ። ዓርማና እሽግ ሲያስፈልጋቸው የሚሄዱት ላፕቶፑን ይዞ ኮንዶሚኒየም ቤቱ ውስጥ ለሚሠራ ፍሪላንሰር ነው። ዋጋ ይከራከራሉ፣ የማስረከቢያ ቀን ይቆርጣሉ። ሥራው ካለቀ በኋላ የማን እንደሚሆን ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም።

ነገሩ የሚነሳው ሲጣሉ ነው። ደንበኛዋ «ከፍዬበታለሁ እኮ፣ የኔ ነው» ትላለች። ዲዛይነሩ ደግሞ «እትዬ፣ የከፈሉት ለሥራው ነው፤ መብቱ የኔ ነው» ይላል። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ውላቸው ላይ ግን ስለዚህ የተጻፈ አንድም መስመር የለም።

ይህ መመሪያ ለሁለቱም ነው። መብትን ማስተላለፍንና ፈቃድ መስጠትን አነጻጽራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱም ባልተጻፉበት ጊዜ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምርጫው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

## ዝም ያለ ውል ለማን ያደላል?

ፍሪላንሰሮች የሚጠቀሙባቸው የውል ናሙናዎች አብዛኛውን ጊዜ ከኢንተርኔት የወረዱ የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ናሙናዎች ናቸው። በእነዚያ አገሮች ፍሪላንሰር የሠራው ዓርማ በጽሑፍ ካልተላለፈ በቀር የቅጂ መብቱ ከሠሪው ጋር ይቀራል። ናሙናዎቹም የተጻፉት ይህን ታሳቢ አድርገው ነው። ስለዚህ ዲዛይነሩ ስለ መብት ባይጽፍም «ዝም ካልን የኔ ነው» ብሎ ያምናል።

እኛ ጋ መነሻው ተገላቢጦሽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 21 ላይ መጀመሪያ ሥራውን ያመነጨው ሰው ባለመብት ነው ይላል። እዚያው ላይ ግን ሥራው በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ፣ የመጀመሪያው ባለመብት አሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው እንደሆነ ይደነግጋል። አዋጁ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል፤ ስታነቡ ሁለቱን አንድ ላይ ያዙ።

የዚህ ትርጉም ለዲዛይነሩ ከባድ ነው። ውሉ ዝም ካለ መብቱ ከመጀመሪያው የደንበኛዋ ነው። ቀሪው ክፍያ ገና ባይከፈልም ያው ነው። «ገንዘቤን እስክትከፍሉ ዓርማውን መጠቀም አትችሉም» ለማለት የሚያስችለው ነገር እጁ ላይ የለም። ያለው የገንዘብ ጥያቄ ብቻ ነው።

ደንበኛዋም ግን ተረጋግታ መቀመጥ የለባትም። «ሌላ ስምምነት» ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ራሱ ያጨቃጭቃል። የታዘዘው ምን ምን ነበር? ያልተመረጡት ሁለት ረቂቆችስ? ዲዛይነሩ ከዚህ በፊት ሠርቶት በእሽጉ ላይ ያስገባው ጌጥስ? ያልታዘዘ ነገር በትዕዛዝ የተሠራ ነው ማለት ይከብዳል። ሕጉ የሰጣት ባለቤትነት ድንበሩ ያልተከለለ ነው።

## በምን እንመዝናቸው?

«የትኛው ይሻላል?» ብሎ መጀመር አያዋጣም። እኔ ሁልጊዜ የማቀርበው አራት ጥያቄ ነው። አራቱም በሥራው ማግስት ሳይሆን ከዓመት በኋላ የሚመጡ ናቸው።

1. ሌላ ሰው ንድፉን ቢቀዳው ማን ያስቆመዋል?
2. ደንበኛዋ አዲስ ምርት ስትጨምር ወይም እሽጉን ስታሻሽል የማንን ፈቃድ ትጠይቃለች?
3. ንግዱ ሌላ ሰው ቢገዛው ወይም ወደ ኩባንያ ቢቀየር ንድፉ አብሮ ይሄዳል?
4. ቀሪው ክፍያ ባይከፈል ምን ይሆናል?

ዋጋን አምስተኛ አላደረግሁትም። ዋጋ የአራቱ መልስ ውጤት ነው። ደንበኛዋ ብዙ መብት ስትወስድ ብዙ ትከፍላለች፤ ዲዛይነሩ ብዙ ሲያስቀር ዋጋው ይቀንሳል።

## ምሳሌያችን

ለገጣፎ ላይ የባልትና ውጤት የምታሽግ ነጋዴ እንውሰድ። በግል ስሟ ንግድ ፈቃድ አላት። በየካ አባዶ የሚኖር ዲዛይነር አራት ነገር እንዲሠራላት አዘዘች። አንደኛ ዓርማ። ሁለተኛ የአምስት ምርት እሽግ፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ እርድና አብሽ። ሦስተኛ በእሽጉ ጀርባ ላይ የሚሄድ፣ ከመሶብ ስፌት መንፈስ ተነስቶ ዲዛይነሩ የሣለው ጌጥ። አራተኛ ለቴሌግራምና ለፌስቡክ ማስታወቂያ የሚሆኑ ቴምፕሌቶች።

ጠቅላላ ዋጋው 60,000 ብር ነው እንበል። ቅድሚያ 24,000፣ በርክክብ ቀን 36,000። (ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትያዙት።)

ከዓመት በኋላ አራት ነገር ይመጣል። አንድ ሌላ አምራች እሽጓን አስመስሎ ገበያ ያወጣል። እሷ በሶ መጨመር ትፈልጋለች። ከእህቷ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ታቋቁማለች። ዲዛይነሩ ደግሞ ያንኑ የመሶብ ጌጥ ለአንድ የቡና ቆይ ድርጅት ሊጠቀምበት ያስባል። እነዚህን ይዘን አማራጮቹን እንይ።

## አንደኛው አማራጭ፦ መብትን ማስተላለፍ

ማስተላለፍ ማለት ዲዛይነሩ የኢኮኖሚ መብቱን ለደንበኛዋ ይሰጣል ማለት ነው። የማባዛት፣ የማሠራጨት፣ የመለወጥ፣ ለሕዝብ የማሳየት መብት ወደ እሷ ይሄዳል። ቤትን ሸጦ ስም እንደማዞር ነው፤ ፈቃድ መስጠት ደግሞ ማከራየት።

የተቀዳውን እሽግ በተመለከተ ይህ አማራጭ ጠንካራው ነው። ደንበኛዋ በራሷ ስም ትጠይቃለች፣ ትከሳለች። ዲዛይነሩ ውጭ አገር ሄዶም ቢሆን ስልኩ ዝግ ቢሆንም አያስቸግራትም። በሶን ስትጨምር ሌላ ዲዛይነር ይዛ ያንኑ መልክ ታስቀጥላለች። ኩባንያ ስታቋቁም መብቱን ወደ ኩባንያው ታዞራለች። ለዓርማ ከዚህ የተሻለ የለም።

በተለይ ዓርማውን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ካሰበች ነገሩ ይጠብቃል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 እንደሚለው የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ማመልከቻው የሚገባው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ምዝገባው 7 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይታደሳል። ምልክቱ በእሷ ስም፣ የሥዕሉ የቅጂ መብት በዲዛይነሩ ስም ከሆነ አንድ ዓርማ ሁለት ጌታ ኖረው ማለት ነው። ንግዷን በዚያ ላይ የምትገነባ ሰው ይህን መቀበል የለባትም ብዬ አምናለሁ።

ማስተላለፍ የማይወስደው ነገር አለ፤ እሱም የሞራል መብት ነው። ዲዛይነሩ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» የማለት፣ ክብሩን በሚነካ መልኩ ሥራው ሲበላሽ የመቃወም መብቱ በሕይወት እስካለ ድረስ የራሱ ነው። ውል ላይ «ሁሉንም መብት አስተላልፌአለሁ» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ይህኛው አይሄድም። ስለዚህ ደንበኛዋ ቀለም መቀየር፣ መጠን ማሳነስ፣ አዲስ ምርት ላይ ማዋል እንደምትችል ለይታ ታስጽፍ። ያኔ ተራ ማሻሻያ «ሥራዬን አበላሸሽው» የሚል ክርክር አያስነሳም።

ዲዛይነሮች እዚህ ላይ አንድ ነገር ይሳሳታሉ። «የሞራል መብቴ ስላለኝ ሥራውን ፖርትፎሊዮዬ ላይ እለጥፋለሁ» ይላሉ። እኔ ሠራሁት ማለት አንድ ነገር ነው፤ ምስሉን ቀድቶ ኢንስታግራም ላይ ማውጣት ሌላ ነው። መቅዳትና ለሕዝብ ማሳየት ከተላለፉት የኢኮኖሚ መብቶች ውስጥ ናቸው። ፖርትፎሊዮ ላይ ማውጣት ከፈለጋችሁ በውሉ አስፈቅዱ። ደንበኛዋ ምርቷ ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንዳይለጠፍ ልትፈልግ ትችላለች፤ ያም ቀን ይቆረጥለት።

አሁን አራተኛው ጥያቄ፣ ክፍያው። መብቱ ውሉ በተፈረመ ቀን ከተላለፈ ዲዛይነሩ የ36,000 ብሩን ክርክር ባዶ እጁን ይገባበታል። መፍትሔው ቀላል ነው። መብቱ የሚተላለፈው የመጨረሻው ክፍያ በገባበት ቀን እንደሆነ፣ እስከዚያ ግን ባለመብቱ ዲዛይነሩ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛውን ግማሽ አትርሱ። የእኛ ሕግ መነሻው ያዘዘውን ሰው ባለመብት ስለሚያደርግ «ሲከፈል ይተላለፋል» ብቻ ማለት አይበቃም። ከመጀመሪያውኑ የማን እንደነበረ መጻፍ አለበት።

## ሁለተኛው አማራጭ፦ ብቸኛ ፈቃድ

እዚህ ላይ መብቱ ከዲዛይነሩ ጋር ይቆያል። ደንበኛዋ ግን በተወሰነ ሥራ፣ ቦታና ጊዜ ውስጥ ብቻዋን ትጠቀምበታለች። ለምሳሌ «ለባልትና ውጤቶች እሽግ፣ በመላ ኢትዮጵያ፣ ለ10 ዓመት።»

የዚህ ጥሩነቱ መቆራረሱ ነው። የመሶብ ጌጡን አስቡ። ለደንበኛዋ የሚያስፈልጋት ሌላ የበርበሬ ነጋዴ እንዳይጠቀምበት ነው። ቡና ቆይው ቢጠቀምበት አንድም ኪሎ ሽሮ አያሳጣትም። ዲዛይነሩ ደግሞ ጌጡን ለመሣል ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል፤ በሌሎች ዘርፎች ሊያከራየው ይፈልጋል። ለምግብ ቅመማ ቅመም ዘርፍ ብቻ የተሰጠ ብቸኛ ፈቃድ ሁለቱንም ያስማማል። ዋጋውም ይወርዳል። ሙሉ ለሙሉ ቢተላለፍ 20,000 ብር የሚጠይቅበትን ጌጥ በ6,000 ቢሰጣት አይጎዳም፤ ከሌላ ቦታ ያገኘዋልና።

(የመሶብ ስፌት ራሱ የማንም አይደለም። ጥበቃ የሚያገኘው ዲዛይነሩ የሣለው የተለየ አሣሣል ነው። የቅጂ መብት አዋጁ ሐሳብን አይጠብቅም። ሌላ ዲዛይነር ከመሶብ ተነስቶ የራሱን ቢሥል ማንም አያስቆመውም።)

ብቸኛ ፈቃድ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሦስት ቦታ ላይ ነው።

«ብቸኛ» የሚለው ዲዛይነሩን ራሱንም ይጨምራል? ደንበኛዋ አዎ ብላ ታስባለች። ዲዛይነሩ ሌላ ሰው አልሰጥም እንጂ እኔስ ልጠቀም እችላለሁ ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈታዋል፦ «ዲዛይነሩ ራሱም በዚህ ዘርፍ አይጠቀምበትም።»

ሁለተኛው መቅዳት ሲያጋጥም ማን ይከሳል የሚለው ነው። መብቱ የዲዛይነሩ ስለሆነ ደንበኛዋ ብቻዋን ፍርድ ቤት ስትቆም ጥያቄ ሊነሳባት ይችላል። ዲዛይነሩ እንዲከስ ወይም እሷ እንድትከስ ውክልና እንዲሰጥ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሆነና ወጪው በማን እንደሆነ ይጻፍ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ለማን ነው? በምሳሌያችን ለግለሰቧ ነጋዴ ነው። ከእህቷ ጋር የምታቋቁመው ማኅበር በሕግ ፊት ሌላ ሰው ነው። ፈቃዱ ለሌላ እንደሚተላለፍ ካልተጻፈ ኩባንያው ያለ ፈቃድ እያሸገ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ የምመክረው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ፈቃዱ ደንበኛዋ ለምታቋቁመው ድርጅት ወይም ንግዱን ለሚገዛ ሰው አብሮ ይተላለፋል፤ ለዲዛይነሩ በጽሑፍ ማሳወቅ ብቻ ይበቃል።»

ክፍያን በተመለከተ ፈቃድ ለዲዛይነሩ ይመቻል። ካልተከፈለ ፈቃዱ ይቋረጣል ብሎ መጻፍ ይችላል። ግን ማስጠንቀቂያና ጊዜ ይኑረው። አምስት ሺህ ከረጢት ያሳተመች ሴት አንድ ሳምንት በመዘግየቷ ዕቃዋን ሁሉ እንድትጥል ማድረግ ተገቢ አይደለም። 30 ቀን ማስጠንቀቂያ፣ የታተመውንም እስኪያልቅ መሸጥ ሚዛናዊ ነው።

## ሦስተኛው አማራጭ፦ ብቸኛ ያልሆነ ፈቃድ

ዲዛይነሩ ያንኑ ነገር ለብዙ ሰው ይሰጣል። ቤትን አንዴ ሲያከራዩት አንድ ተከራይ ነው የሚገባበት፤ ይህ ፈቃድ ግን በአንድ ጊዜ ለፈለጉት ያህል ሰው ይሰጣል።

ለማስታወቂያ ቴምፕሌት ጥሩ ነው። «ዛሬ ቅናሽ አለ» የሚል ፖስት ላይ ያለው አቀማመጥ ለሌላ ሱቅ ቢሰጥ የሚጎዳ የለም። ርካሽ ነው፣ ውሉም አጭር ነው። ለዓርማ ግን በፍጹም አይሆንም። ጎረቤቷ ያንኑ ዓርማ ይዞ ብቅ ቢል ልታስቆመው አትችልም፤ በእጇ ያለው ራሷ የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ሌላውን የመከልከል መብት አይደለም።

ዝግጁ ቴምፕሌትና የተገዛ ሥዕል የሚጠቀሙ ዲዛይነሮች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ከስቶክ ድረ ገጽ የወረደ የበርበሬ ሥዕል ላይ ዲዛይነሩ ያለው ራሱ ብቸኛ ያልሆነ ፈቃድ ነው። የሌለውን መብት ማስተላለፍ አይችልም። ደንበኛዋ ሙሉ መብት ገዛሁ ብላ ያንኑ በርበሬ ሌላ እሽግ ላይ ታየዋለች። ፎንትም እንዲሁ ነው። እንደ Noto Sans Ethiopic እና Abyssinica SIL ያሉት በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ዓርማ ላይ መጠቀም ይቻላል፤ ፎንቱ ራሱ ግን የደንበኛዋ አይሆንም። ከሌላ የመጣውን ነገር ሁሉ በአንድ አጭር ዝርዝር ከውሉ ጋር አያይዙ።

## በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ማስተላለፍ | ብቸኛ ፈቃድ | ብቸኛ ያልሆነ ፈቃድ | ውሉ ዝም ካለ |
|---|---|---|---|---|
| ቀጂን ማስቆም | ደንበኛዋ በራሷ ስም | ከዲዛይነሩ ጋር በመተባበር፤ ይጻፍ | አትችልም | ደንበኛዋ፣ ወሰኑ ግን ያጨቃጭቃል |
| መለወጥና መጨመር | ነጻ ናት | በተፈቀደው ልክ | ብዙ ጊዜ አይቻልም | ነጻ ናት፣ ለታዘዘው ሥራ |
| ንግዱ ሲተላለፍ | አብሮ ይሄዳል | ከተጻፈ ብቻ | ከተጻፈ ብቻ | መብቱ የግለሰቧ ነው፤ ለኩባንያው በጽሑፍ ታስተላልፍ |
| ክፍያ ሲቀር | «እስኪከፈል የዲዛይነሩ ነው» ካልተባለ ዲዛይነሩ ይጎዳል | ፈቃዱ ሊቋረጥ ይችላል | ፈቃዱ ሊቋረጥ ይችላል | ዲዛይነሩ የገንዘብ ጥያቄ ብቻ ይዞ ይቀራል |
| ዋጋ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | የተስማሙበት፣ ግን ለምን እንደተከፈለ አይታወቅም |
| የሚስማማው | ዓርማ፣ ዋና እሽግ | ጌጥ፣ ሥዕል | ቴምፕሌት | ለማንም አይስማማም |

## እንዴት እንከፋፍለው?

ሰዎች የሚሳሳቱት ለሥራው ሁሉ አንድ መልስ በመፈለግ ይመስለኛል። ደንበኛዋ «ሁሉም ይተላለፍልኝ» ትላለች። ዲዛይነሩ «ምንም አላስተላልፍም» ይላል። ሥራው አራት የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ መብቱም ይከፋፈል።

በምሳሌያችን እንዲህ እሄድ ነበር። ዓርማው በ24,000 ብር ሙሉ በሙሉ ይተላለፋል። አምስቱ እሽጎች እያንዳንዳቸው በ5,000፣ በጠቅላላ 25,000፣ እነሱም ይተላለፋሉ። ጌጡ በ6,000 ብር ለቅመማ ቅመም ዘርፍ ብቸኛ ፈቃድ ይሰጥበታል። ቴምፕሌቶቹ በ5,000 ብር ብቸኛ ባልሆነ ፈቃድ። ድምሩ ያው 60,000 ነው።

አሁን በሶ ሲመጣ እሽጉ የራሷ ስለሆነ ትቀጥላለች። ጌጡም በሶው ላይ እንዲገባ ፈቃዱ «የምግብና የባልትና ውጤቶች» ብሎ ሰፋ ቢል ይሻላል፤ «አምስቱ ምርቶች» ብሎ ከተጻፈ ግን ስድስተኛው ላይ ትቆማለች። ቡና ቆይው ጋ ግን እንዲህ ሲሰፋ ችግር ይመጣል፤ ቡናም ምግብ ነው ሊባል ይችላል። «ከቡና በስተቀር» የምትለው ሁለት ቃል ዲዛይነሩን ታድነዋለች። ፈቃድ ላይ ገንዘቡ ያለው በእንዲህ ዓይነቷ ቃል ውስጥ ነው።

በጀቷ ጠባብ ለሆነ ጀማሪ፣ ለምሳሌ 15,000 ብር ብቻ ላላት፣ ምክሬ አብዛኛውን ገንዘብ ዓርማው ላይ አውላ መብቱ እንዲተላለፍላት ነው። ለእሽጉ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ብቸኛ ፈቃድ ትውሰድ፤ ውሉም በኋላ በተወሰነ ዋጋ መግዛት እንደምትችል ይናገር። ዋጋው ዛሬ ይጻፍ። ንግዱ ካደገ በኋላ ስትደራደር ዋጋውም አብሮ ያድጋል።

ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለሌላ ትልቅ ድርጅት የሚሠራ ዲዛይነር ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት «ሁሉም መብት የድርጅቱ ነው» የሚል የተዘጋጀ ውል ነው። መቀበል ይቻላል። ግን ያልተመረጡት ረቂቆች የእሱ እንደሆኑ፣ ፖርትፎሊዮ ላይ ማውጣት እንደሚችልና መብቱ እስኪከፈለው ድረስ የእሱ ሆኖ ከክፍያ በኋላ እንደሚተላለፍ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጨምር። እኔ እነዚህን የማልለቃቸው ናቸው።

ለውጭ አገር ደንበኛ የሚሠሩ ደግሞ በውሉ ላይ የየት አገር ሕግ እንደሚገዛው ይዩ። የአሜሪካ ሕግ ከሆነ መነሻው እኛ ጋ ካለው የተለየ መሆኑን ከላይ አይተናል።

## የሚጻፈው ምንድን ነው?

ዋናዎቹ ዓረፍተ ነገሮች እነዚህ ናቸው። እንዳሉ ወስዳችሁ ለራሳችሁ አስተካክሉ።

«በዚህ ውል መሠረት የሚሠሩ ሥራዎች የቅጂ መብት ከመጀመሪያው የዲዛይነሩ ነው። ሙሉ ክፍያው በተጠናቀቀበት ቀን በአባሪ 1 የተዘረዘሩት ሥራዎች የኢኮኖሚ መብት በሙሉ ለደንበኛዋ ይተላለፋል።»

«በአባሪ 2 ለተዘረዘሩት ሥራዎች ዲዛይነሩ ለደንበኛዋ በተጠቀሰው ዘርፍ፣ ቦታና ጊዜ ብቸኛ ፈቃድ ሰጥቷል። ደንበኛዋ በመረጠችው ማንኛውም ማተሚያ ቤት ማሳተም ትችላለች።»

«ቀርበው ያልተመረጡ ረቂቆች የዲዛይነሩ ናቸው።»

የምንጭ ፋይሉን በተመለከተ ለብቻው ይጻፍ። መብት ማስተላለፍ ፋይል ማስረከብ ማለት አይደለም፤ ፋይል ማስረከብም መብት ማስተላለፍ አይደለም። ደንበኛዋ ባለመብት ሆና የያዘችው አንድ PDF ብቻ ሊሆን ይችላል። ማተሚያ ቤቱ ቀለም አስተካክዪ ሲላት ግን ሊስተካከል የሚችለው የ`.ai` ምንጭ ፋይል ያስፈልጋታል። ምን ዓይነት ፋይል፣ መቼ፣ በፍላሽ ወይስ በኢሜይል፣ ዲዛይነሩስ ኮፒውን ለስንት ጊዜ ያስቀምጣል? ይህ ሁሉ ሁለት መስመር ነው።

ከዚያ ፊርማው። የቅጂ መብት አዋጁ መብት ማስተላለፍም ሆነ ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ እንዲሆን ይፈልጋል። በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 መሠረት ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበት፣ ሁለት ምስክሮችም ሊያረጋግጡት ይገባል። ቴሌግራም ላይ «እሺ ተስማምተናል» መባባል በቂ ነው ብላችሁ አትተማመኑ። አባሪዎቹ ላይም ይፈረም። የተመረጠው ዓርማ ምስል ታትሞ አባሪ 1 ላይ ይለጠፍ፤ «ዓርማው» የሚል ቃል ብቻ ከሆነ የትኛው ረቂቅ እንደሆነ በኋላ ማስረዳት ያስቸግራል።

## ውሉ ቀድሞ ለተፈረመ

ብዙዎቻችሁ ይህን የምታነቡት ሥራው ካለቀ በኋላ ይሆናል። አሁንም ይቻላል። አንድ ገጽ ተጨማሪ ስምምነት ጻፉ። የመጀመሪያው ውል የተፈረመበትን ቀን ጥቀሱ፣ ሥራዎቹን በምስል ዘርዝሩ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ለያዩ፣ እንደገና በሁለት ምስክር ፈርሙ።

ደንበኛዋ ይህን ለማድረግ ምክንያት አላት፤ የንግድ ምልክት ስታስመዘግብ ወይም ኩባንያ ስታቋቁም የጠራ ወረቀት ትፈልጋለች። ዲዛይነሩም አለው፤ ጌጡንና ያልተመረጡትን ረቂቆች ያስመልሳል። ቀሪ ክፍያ ካለ ደግሞ ይህ ስምምነት የሚፈረመው ገንዘቡ በሚገባበት ቀን ይሁን። ደረሰኙን ከአባሪው ጋር አንድ ላይ ስቴፕል አድርጉት፤ ሁለት ቅጂ፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ።